ምላሱ የሚመታው የት ላይ ነው? ተዘግቶ የማይይዝ በር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የዚህ ሳምንት ዝግጅት የሚመለከተው በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ባሉ ቤቶች ዘወትር የሚታይ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረመር በግምት የሚጠገን ብልሽት ነው፤ ይኸውም በሩ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ቢዘጋም ሳይይዝ ይቀርና ጥቂት ነፋስ ወይም የሕፃን እጅ ሲነካው ተመልሶ ይከፈታል።

ይህ ሲያጋጥም የቤቱ ባለቤት በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ቁልፉን ነው። ወደ ሱቅ ሄዶ አዲስ ቁልፍ ይገዛል፣ አናጺ ጠርቶ ያስገጥማል፣ በሩ ግን እንደ በፊቱ ሳይይዝ ይቀራል። ለመሆኑ ቁልፉ አዲስ ሆኖ ሳለ በሩ ስለ ምን አልያዘም?

(አጭር ፋታ)

መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ በሩ ሲዘጋ በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚከናወን መረዳት ያስፈልጋል። በመዝጊያው ጠርዝ ላይ፣ ከእጀታው ትይዩ፣ አንድ ወገኑ ተዳፋት ሌላው ወገኑ ደግሞ ቀጥ ያለ አጭር ብረት ወጥቶ ይታያል፤ ይህ ብረት ምላስ ይባላል፣ ከኋላውም ወደ ውጭ የሚገፋው ሞላ አለ። ከሱ በታች ያለውና ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚወጣው አራት ማዕዘን ብረት ሌላ ምላስ ስለሆነ የዛሬው ጉዳይ እሱን አይመለከትም። ከባለ ሞላው ምላስ ፊት ለፊት፣ በመቃኑ ላይ፣ ቀዳዳ ያለው ስስ ብረት በብሎን ታስሯል፤ በዚህ ዝግጅት መቀበያ ብረት እየተባለ ይጠራል።

በሩ ሲገፋ የምላሱ ተዳፋት ወገን የመቀበያውን ብረት ጠርዝ ይነካና ምላሱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ደግሞ ሞላው መልሶ ያስወጣውና ምላሱ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅ ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በሩን የሚይዘው የምላሱ ቀጥ ያለ ወገን ነው። ስለዚህ በሩ እንዲይዝ ምላሱ በቀዳዳው ትክክል መድረስ አለበት፣ ከደረሰ በኋላም በበቂ ጥልቀት መግባት አለበት። መድረስና መግባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አድማጮች ይህን ልዩነት በአእምሯቸው ቢይዙ የሚቀጥለውን ገለጻ ለመከተል ይቀላቸዋል።

(የበር መዝጊያ ድምፅ፤ በመጀመሪያ ጠቅ የሚል፣ ቀጥሎም ጠቅ ሳይል ተመልሶ የሚከፈት)

አቅራቢ፦ ምላሱ መድረስ አለመድረሱ የሚታወቀው እንዴት ነው? ከሰል ተፈጭቶ በአንድ ጠብታ ዘይት ይለወስና የምላሱ ጫፍ ይቀባል። እጀታው ሳይነካ በሩ በዝግታ ተገፍቶ ይዘጋል፣ ከዚያም ተከፍቶ በመቀበያው ብረት ላይ ያረፈው ጥቁር ምልክት ይታያል። ምልክቱ ከቀዳዳው በታች ካረፈ መዝጊያው ወርዷል ማለት ነው፤ በእንጨት በሮች ላይ በብዛት የሚያጋጥመውም ይኸው ነው። ከቀዳዳው በላይ ካረፈ፣ ይህ ብርቅ ቢሆንም፣ የታችኛው ማጠፊያ ላልቷል ወይም መቃኑ ራሱ በአንድ ወገን ሰምጧል። ምልክቱ በከፍታ ከቀዳዳው ጋር ትክክል ሆኖ ከቀዳዳው ቀድሞ የሚያበቃ ከሆነ ደግሞ መዝጊያው እስከ መጨረሻው እየገባ አይደለም። ምልክቱ እስከ ቀዳዳው አፍ ደርሶ በሩ ግን የማይይዝ ከሆነ፣ ችግሩ ከመድረስ ወደ መግባት ተሸጋግሯል፤ ያን ጊዜ ነው ምላሱ ራሱ የሚመረመረው።

ይህ ምርመራ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ይሁንና ብዙ ጠጋኞች ሳያደርጉት በቀጥታ ሞረድ ያነሣሉ።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

አቅራቢ፦ ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይጠቅማል። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በሶዶ ከተማ፣ በጭቃ ግድግዳ የተሠራ አንድ ቤት እንዳለ ይታሰብ፤ በሩ ከባሕር ዛፍ ጣውላ የተሠራ፣ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ነው። በሩ በበጋ ያለ ችግር ይዘጋ ነበር። በሐምሌ ግን በእጀታው በኩል ያለው የላይኛው ጥግ ከመቃኑ ጋር ይፋተግ ጀመር፣ ምላሱም መያዙን ተወ።

በዚህ ጊዜ ከሰሉ ምን አሳየ? ምልክቱ ያረፈው ከቀዳዳው የታች ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። መዝጊያው ወርዷል ማለት ነው፤ ግን ስለ ምን ወረደ? እጀታው በሁለት እጅ ተይዞ መዝጊያው ወደ ላይ ሲነሣ የላይኛው ማጠፊያ ከመቃኑ ሲላቀቅና ሲገጥም ታየ፣ ከሦስቱ ብሎኖች ሁለቱ በካቻቢቴ ሲዞሩ ሳይጠብቁ ዝም ብለው ዞሩ። የብሎኖቹ ቀዳዳ ሰፍቷል፣ ማጠፊያውም ከቦታው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወጥቷል።

እዚህ ላይ ስሌቱ ቀላል ነው። የመዝጊያው ስፋት የሁለቱን ማጠፊያዎች ርቀት ግማሽ ስለሆነ፣ የላይኛው ማጠፊያ 4 ሚሊ ሜትር ሲወጣ በእጀታው በኩል ያለው ጠርዝ የዚያን ግማሽ፣ ማለትም 2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የላይኛው ጥግ ደግሞ ወደ መቃኑ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠጋል፤ በመዝጊያና በመቃን መካከል የሚተወው ክፍተት ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ በመሆኑ ጥጉ መፋተጉ አይቀርም። እንግዲህ የጥጉ መፋተግና የምላሱ አለመያዝ ሁለት ብልሽቶች ሳይሆኑ ከአንድ የላላ ማጠፊያ የመጡ ናቸው።

(ፋታ)

ታዲያ ትክክለኛው ጥገና የቱ ነው? መቀበያውን ብረት ዝቅ ማድረግ ነውን? የሚፋተገውን ጥግ መላግ ነውን? ወይስ ማጠፊያውን ወደ ቦታው መመለስ?

በቅድሚያ የሚጠገነው ማጠፊያው ነው። ለዚህም ከመዝጊያው ሥር ሽብልቅ ገብቶ ክብደቱ ከማጠፊያው ላይ ይነሣል፣ የላሉት ብሎኖች ይወጣሉ፣ በሰፉት ቀዳዳዎች ውስጥም ኮላ የተቀቡ ቀጫጭን የደረቅ እንጨት ስንጥሮች ጠብቀው ይገባሉ። ኮላው እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ይጠበቃል፤ ከዚያ የተረፈው ስንጥር ከመቃኑ ጋር እኩል ይቆረጥና ብሎኖቹ እንደገና ይታሰራሉ። ከሦስቱ ብሎኖች አንዱን ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ብሎን መተካት ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ በጭቃ ቤት መቃኑ ከጀርባው ካለው ቋሚ እንጨት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ረጅሙ ብሎን ከመቃኑ አልፎ ያንን ቋሚ ይይዛል። በብሎኬት ቤት ግን ከመቃኑ በስተጀርባ ያለው ሲሚንቶ ስለሆነ ብሎኑ ብቻውን አይነክስም፤ ግድግዳው በመሰርሰሪያ ተበስቶ የፕላስቲክ ፊሸር መግባት አለበት።

በምሳሌው ቤት ማጠፊያው ወደ ቦታው ሲመለስ ምላሱ 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ቀዳዳውን ያገኛል፣ ጥጉም መፋተጉን ያቆማል። መቀበያው ብረት አልተነካም፣ ሞረድም አላስፈለገም።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

አቅራቢ፦ ነገር ግን በምሳሌው ቤት ቀድሞ የተደረገው ይህ አልነበረም እንበል። ጠጋኙ በሐምሌ መጣ፣ ጥጉ ሲፋተግ አየ፣ መላጊያውን አንሥቶ የመዝጊያውን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች 3 ሚሊ ሜትር ያህል ላገው። መፋተጉ ቀረ። ቀጥሎም የመቀበያውን ቀዳዳ የታች ጠርዝ ሞርዶ አሰፋው፣ ምላሱም መያዝ ጀመረ። የቤቱ ባለቤት ተደሰተ። እስከ መቼ?

እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጠውና ሲደርቅ የሚሸማቀቀው በርዝመቱ ሳይሆን በስፋቱ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ፣ በተለይም በደንብ ሳይደርቅ የተሠራበት ከሆነ፣ በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው። በወላይታ ደጋና ወይና ደጋ የበልጉ ዝናብ ብዙም ሳይርቅ ክረምቱ ስለሚከተል እንጨቱ ለብዙ ወራት እርጥበት እየጠጣ ይቆያል፣ ከጥቅምት ወዲህ ግን ፀሐይና ነፋስ ያደርቀዋል። ሙሉ በሙሉ ከተጋጠሙ ጣውላዎች የተሠራ የ80 ሳንቲ ሜትር መዝጊያ በእነዚህ ሁለት ወቅቶች መካከል በስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር የማያንስ ለውጥ ሊያሳይ ይችላል። ቆላማ በሆነው የሁምቦ ወገን ድርቀቱ ስለሚበረታ መሸማቀቁም የዚያኑ ያህል ይጎላል።

ስለዚህ በክረምት የታየውን መፋተግ ለማስቀረት የተላገው 3 ሚሊ ሜትር በበጋ ከመሸማቀቁ ጋር ተደምሮ፣ በእጀታው በኩል ያለውን ክፍተት ወደ 8 ሚሊ ሜትር ከፍ ያደርገዋል። የምላሱ ርዝመት ምን ያህል ነበር? በተለመዱት ቁልፎች ምላሱ ከመዝጊያው ጠርዝ የሚወጣው ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ከ11 ሚሊ ሜትር ላይ 8ቱ በክፍተቱ ውስጥ ከባከነ ወደ ቀዳዳው የሚገባው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ምላሱ ደርሷል፣ ግን አልገባም። በሐምሌ የተላገ በር በታኅሣሥ የማይይዝበት ምክንያት ይኸው ነው። መዝጊያው ከክረምቱ እርጥበት የተነሣ በእውነት አብጦ ከሆነም፣ ማጠፊያዎቹ መጥበቃቸው ተረጋግጦ ከዝናቡ በኋላ ቢጠበቅ ይሻላል፤ የተላገ እንጨት አይመለስምና።

(ፋታ)

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ በመስከረም ሲቃረብ ቤት ይታደሳል፣ በርና መቃንም ይቀባል፤ በዚህ ጊዜ የሚያጋጥም አንድ ሌላ ችግር አለ። መዝጊያው ተደግፎ የሚቆምበት የመቃኑ እርከን ላይ በየዓመቱ ቀለም በቀለም ላይ ሲደረብ ውፍረቱ ይጨምርና መዝጊያው ቀዳዳው ጋ ሳይደርስ ይቆማል፤ የከሰሉ ምልክት ከቀዳዳው ቀድሞ የሚያበቃውም በዚህ ጊዜ ነው። የተደረበውን ቀለም መፋቅ በቂ ነው። ምላሱም ከቀለሙ ጋር ተቀብቶ ከቁልፉ ቤት ጋር ተጣብቆ ሊገኝ ስለሚችል፣ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ምላሱንና መቀበያውን በወረቀት መሸፈን ኋላ ከመፋቅ ያድናል።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ምላሱ እንመለስ። ምላሱ መዳከሙ የሚለየው በሩ ተከፍቶ ሳለ ነው። በጣት ወደ ውስጥ ተገፍቶ ሲለቀቅ ወዲያው ፈጥኖ መውጣት አለበት። እየተንቀረፈፈ የሚወጣ ከሆነ ወይ አቧራና የደረቀ ቅባት ይዞታል፣ ወይ ሞላው ደክሟል። የሶዶ ቀይ አቧራ በበጋ በየቀዳዳው ስለሚገባ የመጀመሪያው ምክንያት ዘወትር የሚጠበቅ ነው፤ የምግብ ዘይት መጨመር ግን አቧራውን ይበልጥ ስለሚያጣብቅ አይመከርም። ምላሱ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ የእርሳስ ዱቄት፣ ማለትም ከመጻፊያ እርሳስ ውስጠኛ ክፍል የተፋቀው ጥቁር ዱቄት፣ ቢቀባ ያለ ቅባት ይንሸራተታል።

ሌላው ምልክት በዓይን የሚታይ ነው። የምላሱ ቀጥ ያለ ወገን ከጫፉ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ በጤናማ ቁልፍ ላይ በጣት ሲዳሰስ ስለታም ነው። በብዙ ዓመት መመታት፣ በተለይም እጀታው ሳይጎተት በሩ በኃይል ሲወረወር፣ ያ ጠርዝ ይደነዝዝና ይከብባል። የከበበ ጠርዝ ቀዳዳው ውስጥ በጥልቀት ከገባ አሁንም ሊይዝ ይችላል፤ ገብቶ የሚይዘው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን በሩ ትንሽ ሲገፋ ጠርዙ በመቀበያው ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። ስለዚህ ያረጀ ምላስና ሰፊ ክፍተት ሲገናኙ ችግሩ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። የሚለየው አንድ ፈተና አለ፦ በሩ ተዘግቶ ሳለ ከእጀታው ወገን በእጅ ወደ ማጠፊያው ተቃራኒ፣ ማለትም ወደ መቀበያው ብረት፣ ይገፋል። በዚያ ሁኔታ ሲያዝ ይዞ እጅ ሲለቀቅ የሚከፈት ከሆነ ዋናው ጥፋት የክፍተቱ ነው።

ክፍተቱ ሲሰፋ ምን ይደረጋል? በሁሉም ማጠፊያዎች ጀርባ እኩል ውፍረት ያለው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ላሜራ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ሲገባ መዝጊያው በሙሉ ወደ መቀበያው ይጠጋል። ከመቀበያው ብረት በስተጀርባም እንዲሁ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር መደገፊያ ቢደረግ የሚገባው የምላስ ርዝመት ከ3 ወደ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ካርቶን ለዚህ አይበጅም፤ በሚቀጥለው ክረምት እርጥበት ጠጥቶ ይላሽቃል።

ማጠፊያው ጠብቆ፣ ቀለሙም ተፍቆ፣ ምልክቱ ግን አሁንም ከቀዳዳው ፈቀቅ ብሎ ከተገኘ፣ ምናልባት ግድግዳው ራሱ ሰምጦ ሊሆን ስለሚችል መቀበያው ብረት የሚነካው ያን ጊዜ ነው። ልዩነቱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ የቀዳዳው ጠርዝ በሞረድ ይሰፋል። ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን መሞረዱ ብረቱን አቅጥኖ ያዳክመዋልና ብረቱ ተነቅሎ ቦታው መቀየር አለበት፤ የድሮዎቹ የብሎን ቀዳዳዎች በስንጥርና በኮላ ይደፈናሉ፣ አዲሱ ቦታ በመሮ ይጠረባል፣ ከብረቱ ኋላ ያለው የእንጨት ጉድጓድም አብሮ ይሰፋል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ሲዘነጋ ምላሱ የብረቱን ቀዳዳ አልፎ እንጨት ይመታና ሳይገባ ይቀራል፤ ከፊት ለፊት ሲታይ ግን ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል።

(ፋታ)

በቱቦላሬና በላሜራ የተሠራ የብረት በር ላይስ? የብረት በር በእርጥበት አያብጥም፤ የሚወርደው የማጠፊያው ወንድና ሴት ክፍል እርስ በእርስ ሲፋጭ ስለሚያልቅ ነው። ስለዚህ መዝጊያው ከማጠፊያው ተነሥቶ ይወጣል፣ በእያንዳንዱ ወንድ ማጠፊያ ላይ እኩል ውፍረት ያለው ሮንደላ ይገባል፣ ግራሶም ይቀባና መዝጊያው ተመልሶ ይቀመጣል፤ በሩም በሮንደላው ውፍረት ልክ ከፍ ይላል። ብየዳ የሚያስፈልገው ማጠፊያው ራሱ ከመቃኑ ሲላቀቅ ብቻ ነው።

(ሙዚቃ ከታች መሰማት ይጀምራል)

አቅራቢ፦ ሁሉም ተረጋግጦ ምላሱ በእርግጥ ያረጀ ሆኖ ከተገኘ ቁልፉ ይቀየራል። ወደ ሱቅ ሲኬድ አሮጌውን ነቅሎ ይዞ መሄድ ከማንኛውም መለኪያ ይሻላል፤ ካልተቻለም ሁለት ልኮች ይያዙ፣ አንደኛው ከመዝጊያው ጠርዝ እስከ እጀታው ዘንግ መሐል ያለው፣ ሁለተኛው ከእጀታው ዘንግ እስከ ቁልፍ መግቢያው ያለው ርቀት ነው። እነዚህ ካልገጠሙ በእንጨቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች አይገጣጠሙም።

አዲሱ ቁልፍ ከመታሰሩ በፊት የምላሱ ተዳፋት ወገን በሩ ወደሚዘጋበት አቅጣጫ መዞሩ ይታይ። የብዙ ቁልፎች ምላስ ወጥቶ ለግራም ለቀኝም በር እንዲሆን መገልበጥ ይችላል። ምላሱ ተገልብጦ የገባ እንደሆነ ቀጥ ያለው ወገን የመቀበያውን ጠርዝ ፊት ለፊት ይመታና፣ እጀታው ካልተጫነ በቀር አዲሱ ቁልፍ ያለበት በር ጨርሶ አይዘጋም።

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያበቃል)